ክሬቲን ሆድ ሲያውክ

ክሬቲን የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆዱን ሊቆርጠው፣ ሊነፋው፣ አልፎም ሊያስቀምጠው ይችላል። ብዙዎች ይህ ሲገጥማቸው ወይ ዱቄቱ ፎርጂድ ነው ብለው ይጥሉታል፣ ወይ ሰውነቴ አልተቀበለውም ብለው እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ሺንሺቾ ለደረሰ ጣሳ የወጣው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመጣሉ በፊት ሁለት ነገር ማየት ይበጃል፦ በአንድ ጊዜ ስንት ግራም እንደተወሰደ፣ እና በምን ያህልና በምን ዓይነት ውሃ እንደተበጠበጠ።

ክሬቲን ለሰውነት እንግዳ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ በቀን 1 ግራም ገደማ ይሠራል፤ ከአንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ግራም ይገኛል። ቆጮና ጎመን ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ክሬቲን በጡንቻ ውስጥ ይከማቻል፤ ክብደት ሲነሳ ወይም ሲሮጥ ለጥቂት ሰከንዶች የሚያስፈልገውን ፈጣን ኃይል ለመተካት ያገለግላል። በጣሳ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት፣ ክሬቲን ሞኖሃይድሬት፣ ይህንኑ ክምችት ለመሙላት ነው።

ዱቄቱ ጡንቻ ጋ ለመድረስ በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም መግባት አለበት። አንጀት ግን በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው መጠን ልክ አለው። ከልክ በላይ ሲመጣበት የተረፈው ወደ ታች ይወርዳል፣ የተከተፈ ጎመን ላይ የተነሰነሰ ጨው ውሃ እንደሚያወጣው ሁሉ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። አንጀቱ በውሃ ሲሞላ ይወጠራል፣ ለመግፋት ሲኮማተር ቁርጠት ይሆናል፣ ውሃው ሲወጣ ደግሞ ተቅማጥ ነው።

መጠኑ የሚያመጣው ልዩነት በኳስ ተጫዋቾች ላይ ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስቶይችና አህሜቶቪች የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ 59 ወንድ ተጫዋቾች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለ28 ቀናት ክትትል ተደረገላቸው። አንዱ ቡድን በቀን 10 ግራም ለሁለት ተከፍሎ፣ አምስት አምስት ግራም፣ ወሰደ። ሌላው ያንኑ 10 ግራም በአንድ ጊዜ ጠጣ። ሦስተኛው ክሬቲን የሌለበት ማስመሰያ ተሰጠው። በአንድ ጊዜ ከጠጡት ውስጥ 55.6 በመቶው ተቅማጥ ገጠማቸው፤ ከፍለው ከወሰዱት ግን 28.6 በመቶው ብቻ። የቀኑ ድምር አንድ ነው፣ የተለየው አከፋፈሉ ነው። ክሬቲን ካልነካው ቡድን ውስጥም 35 በመቶው ተቅማጥ እንደነበረው ልብ ይሏል፤ በዚያ ሰሞን የመጣ የሆድ ችግር ሁሉ የዱቄቱ ጥፋት አይደለም ማለት ነው፤ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። ክሬቲን በቀዝቃዛ ውሃ በቀላሉ አይሟሟም። አንድ ሊትር 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ የሚያሟሟው 14 ግራም ያህል ነው፤ ከፍሪጅ የወጣ 4 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ግን 6 ግራም ብቻ። ውሃው 50 ዲግሪ ሲደርስ 34 ግራም ይችላል።

ይህን በአንድ ወጣት ላይ እንየው። ከጂም ወጥቶ፣ ሆዱ ባዶ እንደሆነ፣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ 10 ግራም ክሬቲን ጨምሮ ነቀነቀ እንበል። ውሃው ከፍሪጅ የወጣ ስለሆነ የሚሟሟው 3 ግራም ነው፤ 7ቱ ግራም አሸዋ መስሎ ከሥር ይዘቅጣል። ወጣቱ ላለማባከን ዝቃጩን ደጋግሞ አነቃንቆ ይጨልጠዋል። የተጠጣው እንግዲህ ብዙ ደረቅ ዱቄት ነው፤ አንጀት ውስጥ እየሟሟ ውሃ ይስባል፣ መጠኑም በአንድ ጊዜ 10 ግራም ነው። ሁለቱም ስህተቶች በአንድ ሃይላንድ ውስጥ ተገናኙ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ውሃውን አፍልቶ፣ አፍ የማያቃጥል ለብታ እስኪሆን ድረስ ማቆየት። በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ከ3 እስከ 5 ግራም፣ ማለትም ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ጨምሮ ውሃው ጥርት እስኪል ማማሰል። በብርሃን ፊት ሲያዩት ከሥር ፍሬ ከቀረ ውሃ ይጨመርበታል። ከዚያ ምግብ ከበሉ በኋላ ወዲያውኑ መጠጣት ነው፤ የተሟሟ ክሬቲን ሲቆይ፣ በተለይ በሎሚ ጭማቂ ውስጥ፣ ቀስ በቀስ ወደማይጠቅም ክሬቲኒን ይለወጣል።

በጂም ሎዲንግ የሚባለው፣ በቀን 20 ግራም ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን መውሰድ፣ የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የሑልትማንና ባልደረቦቹ ጥናት በቀን 3 ግራም ለ28 ቀን መውሰድም ጡንቻን ወደዚያው መጠን እንደሚያደርስ አሳይቷል። ቢዘገይም ሆድ ያርፋል። ሎዲንግ ካስፈለገ ደግሞ 20ው ግራም አምስት አምስት ግራም ሆኖ በአራት ጊዜ ይከፈል።

መነፋት ሁሉ የአንጀት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ቢጨምርና ሰውነት ሞላ ቢል፣ ሆድ ግን ለስላሳ ሆኖ ጋዝ ከሌለ፣ ጡንቻ ከክሬቲኑ ጋር የያዘው ውሃ ነው፤ አያሳስብም። ሆድ ጠንክሮ ሲያጉረመርም ግን ነገሩ አንጀት ውስጥ ነው። ያኔ ከምን ጋር እንደተወሰደ መመርመር ይገባል፦ ወተት የማይስማማው ሰው በወተት በጥብጦት ከሆነ፣ ወይም ዱቄቱ ጣፋጭና ካፌይን የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ጥፋተኛው ክሬቲኑ ላይሆን ይችላል። ምንም ያልተቀላቀለበትን ለብቻው በውሃ ሞክሮ መለየት ይቻላል።

ሺንሺቾ ላይ ደግሞ አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ። ያልፈላ ውሃ በራሱ ጃርዲያ፣ አሜባና ሌላም ያመጣል። ዱቄቱ የተበጠበጠበት ውሃ ካልፈላ ክሬቲኑ የውሃውን ጥፋት ተሸክሞ ሊቀር ነው። ውሃ ማፍላት በአንድ እጅ ሁለቱን ይፈታል፤ ጀርሙን ይገድላል፣ ዱቄቱንም ያሟሟል። መለያው እንዲህ ነው፦ የክሬቲን ተቅማጥ ከጠጡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይመጣል፣ ሲያቆሙት በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ትኩሳት፣ ደም ወይም ንፍጥ ያለው፣ ወይም ክሬቲን ከተተወ በኋላ ከሁለት ቀን በላይ የዘለቀ ተቅማጥ ግን የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው። እዚያ ሲደርሱ ክሬቲን እንደሚወስዱ መናገር ያስፈልጋል፤ በደም ምርመራ የሚታየውን ክሬቲኒን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ባለሙያው ማወቅ አለበት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውማ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ሆድ ከታወከ መጀመሪያ ማቆም፣ የወጣውን ውሃ በኦ.አር.ኤስ መተካት፣ ሆድ ሲረጋ ደግሞ ከ2 ወይም ከ3 ግራም በለብታ ውሃ፣ ከምግብ በኋላ መጀመር ነው። ሳምንቱ በሰላም ካለፈ ወደ 5 ግራም ማሳደግ ይቻላል። ያረፉበት ቀን ያስቀረኛል ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ የሞላ ጡንቻ ክሬቲን ካቆሙ በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ፈጅቶ ነው። ለሦስትና ለአራት ቀን ሆድን ማሳረፍ ከተጠራቀመው ብዙም አያጎድልም።