ፍንጩ ከባዶው ቦታ ውጭ ነው

በእንግሊዝኛ ፈተና ስለ ወደፊት የሚጠይቅ ባዶ ቦታ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ምርጫዎቹ ላይ ነው። አራቱም ስለ ነገ ስለሚያወሩ አራቱም ትክክል ይመስሉታል። አማርኛ «እገዛለሁ» ብሎ የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እንደ ሁኔታው ይለያየዋል፤ ሁኔታውን የሚነግረን ደግሞ በባዶው ቦታ ዙሪያ ያለው ንግግር ነው።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። እህት «ስኳር አልቋል» ትላለች። ወንድሟ «ውይ፣ አልቋል እንዴ?» ካለ በኋላ ባዶ ቦታ ቢመጣ መልሱ በ«ዊል» ነው፦ «አይል ጌት ሰም»። ወሬውን የሰማው አሁን ስለሆነ የወሰነውም እዚያው ነው። «አዎ፣ አውቃለሁ» ብሎ ቢጀምር ግን ቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው፤ ስለዚህ «አይም ጎይንግ ቱ ጌት ሰም» ይላል። ባዶው ቦታ አልተለወጠም፤ ከፊቱ ያለው ንግግር ግን መልሱን ለወጠው።

«ጎይንግ ቱ» በዓይን ለሚታይ ምልክትም ይሆናል። ሰማዩ ጠቁሮ ደመናው ከተጠቀሰ «ኢትስ ጎይንግ ቱ ሬይን» ነው። «አይ ቲንክ» ወይም «ፕሮባብሊ» የሚል የግል ግምት ሲኖር ግን ሚዛኑ ወደ «ዊል» ያደላል።

ወንድምየው «አሁን አልችልም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓደኛዬን አገኛለሁ፤ ትናንት ተቀጣጥረናል» ቢል ፕረዘንት ኮንቲኒየስ ይመጣል፦ «አይም ሚቲንግ»። ሰዓቱም ሰውየውም ተቆርጠዋል። ዝናብን ማንም ሊቀጥረው ስለማይችል ለነገ ዝናብ ይህ ቅርጽ አይሠራም።

ፊውቸር ፐርፌክት የሚፈልገው ድርጊቱ ከአንድ የወደፊት ሰዓት በፊት ተጠናቆ ሲገኝ ነው። «እናታችን እስክትመለስ ሻዩን አፍልቼ እጨርሳለሁ» ለማለት «ባይ ዘ ታይም ማም ካምዝ ባክ፣ አይል ሃቭ ሜድ ዘ ቲ» እንላለን። እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ከ«ባይ ዘ ታይም» ቀጥሎ «ዊል ካም» ብሎ መጻፍ ነው፤ ትክክሉ «ካምዝ» ነው። ሁለተኛው «ባይ»ን ባዩ ቁጥር «ዊል ሃቭ»ን መምረጥ ነው። «በአሥራ ሁለት ሰዓት ቤት እሆናለሁ» ሲባል የሚጠናቀቅ ሥራ ስለሌለ «ባይ ሲክስ አይል ቢ ሆም» ይበቃል።

በሰው ዕቅድ ላይ «ጎይንግ ቱ» እና ፕረዘንት ኮንቲኒየስ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ከገቡ ከሌላ ሰው ጋር የተያዘ ቀጠሮ፣ የተቆረጠ ትኬት ወይም የተወሰነ ሰዓት መኖሩን ፈልጉ። እንዲህ ያለ ምልክት ጭራሽ ከሌለ ጉድለቱ የጥያቄው አዘጋጅ ነው።