ስም ያልተጻፈበት ከርቭ ስንት ነጥብ ይገባዋል? እውነት ወይስ ተረት

የኢኮኖሚክስ ፈተና አራሚዎችን ከሚያከራክሩ ነገሮች አንዱ የአቅርቦትና የፍላጎት ግራፍ ነው። ተማሪው ከርቩን አንቀሳቅሷል፤ ነገር ግን የትኛው የፊተኛው፣ የትኛው አዲሱ እንደሆነ አልጻፈም። በዚህ ዙሪያ በመምህራን ክፍል የሚነገሩ አባባሎችን አንድ የታወቀ ጥያቄ ይዘን እንያቸው፦ «በብራዚል ውርጭ የቡና ተክልን አወደመ። ይህ በዓለም የቡና ገበያ የሚያመጣውን ለውጥ በግራፍ አሳይ፤ አብራራም።» ጥያቄው እውነተኛ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 በፓራና ግዛት የወረደው ውርጭ የቡና እርሻዎችን ክፉኛ መታ፤ በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር።

ተረት፦ «ሁለት የአቅርቦት ከርቭ ከሳለ ገብቶታል ማለት ነው።»

እውነቱ፦ ከአንድ የፍላጎት ከርቭ ጋር የሚገናኙ ሁለት የአቅርቦት ከርቮች፣ ስምና ቀስት ከሌላቸው፣ ሁለት ተቃራኒ ታሪኮችን ይናገራሉ። ከቀኝ ወደ ግራ ካነበብናቸው አቅርቦት ቀንሶ ዋጋ ጨምሯል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ካነበብናቸው ምርት በዝቶ ዋጋ ወርዷል። ውርጭና የተትረፈረፈ ምርት አንድ ዓይነት ሥዕል ሆኑ ማለት ነው። አራሚው «ይህን ማለቱ ነው» ብሎ ነጥብ ከሰጠ የሸለመው የተማሪውን ሳይሆን የራሱን እውቀት ነው። የአሜሪካው የኤፒ ኢኮኖሚክስ ፈተናም በትክክል የተሰየመ ግራፍ ሲል ዘንጎቹና ከርቮቹ ሁሉ በግልጽ ተሰይመው የለውጡ አቅጣጫ መታየት አለበት ማለቱ ነው።

ተረት፦ «ስም ከጎደለው ግራፉ በሙሉ ዜሮ ነው።»

ይኼኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ የሚያውቀውን ልጅ ከማያውቀው ጋር አንድ ያደርጋልና። ጥያቄው አምስት ነጥብ አለው እንበል፦ አንድ ለዘንጎችና ለከርቮች ስም፣ አንድ ለትክክለኛው የከርቭ እንቅስቃሴ፣ አንድ ለአዲሱ ዋጋ፣ አንድ ለአዲሱ መጠን፣ አንድ ለማብራሪያው።

አሁን አንድ ወረቀት እንመልከት። ቋሚው ዘንግ «ዋጋ» ተብሏል፤ አግድሙ ባዶ ነው። የፍላጎቱ ከርቭ D ተብሏል፤ ሁለቱም የአቅርቦት ከርቮች ግን S ብቻ ናቸው፤ ቀስትም የለም። ከሁለቱ መገናኛ ነጥቦች ወደ ሁለቱም ዘንጎች ነጠብጣብ መስመሮች ወርደዋል። በዋጋው ዘንግ ላይ ታችኛው P1፣ ላይኛው P2 ተብሏል፤ በአግድሙ ላይ ምንም አልተጻፈም። ከሥር «ውርጩ የቡና ምርትን ስለቀነሰ አቅርቦት አነሰ፤ ዋጋም ጨመረ» ይላል።

የስሙ ነጥብ አይገባውም፤ አግድሙ ዘንግ ስም የለውም፣ ሁለቱ ከርቮችም አልተለዩም። እንቅስቃሴው ግን ይታወቃል፦ P2ን ተከትለን ወደ መገናኛው ብንሄድ የምንደርሰው በግራ ያለው ከርቭ ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱ የግራው ነው፤ ነጥቡን ይውሰድ። የአዲሱ ዋጋ ነጥብም ይገባዋል። የመጠኑ አይገባውም፤ ነጠብጣቡ ቢወርድም ከየት ወደ የት እንደተለወጠ በሥዕሉም በጽሑፉም አልተነገረም። ማብራሪያው ትክክል ነው። ድምሩ ከአምስት ሦስት። «የሚሸጠው መጠንም ቀነሰ» የሚል አንድ ሐረግ ቢጨምር ኖሮ አራት ይሰጠው ነበር። ልብ በሉ፣ የሁለቱ S አለመለየት የተቀጣው በስሙ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ያንኑ ጉድለት በእንቅስቃሴውም በዋጋውም ላይ ደግሞ መቅጣት በአንድ ጥፋት ሦስት ጊዜ መቅጣት ነው።

በሌላ ወረቀት P1ም P2ም ባይኖሩ፣ ከሥርም «የገበያው ሚዛን ተለወጠ» ብቻ ቢል፣ አቅጣጫውን የሚነግረን አንድም ምልክት የለም። እዚህ የእንቅስቃሴው ነጥብ ዜሮ ነው፤ ርኅራኄም አይለውጠውም።

ተረት፦ «ጽሑፉ ትክክል ከሆነ ሥዕሉን ያድነዋል።»

ግማሹ እውነት ነው። ጽሑፍ ሥዕሉ ዝም ያለበትን ይሞላል፤ ሥዕሉ የተናገረውን ግን አይሽርም። ተማሪው በስተቀኝ ያለውን ከርቭ S2 ብሎ፣ ቀስቱንም ወደ ቀኝ አድርጎ፣ ከሥር «አቅርቦት ቀነሰ» ካለ ግራፉ ተሳስቷል፤ ነጥብ የሚያገኘው ለጽሑፉ ብቻ ነው። ይህ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወደ ላይ ከሚያመለክት ቀስት ነው። አቅርቦት ሲቀንስ ከርቩ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ስለሆነም ከፊተኛው በላይ ተቀምጦ ይታያል። «ወደ ላይ ማለት ጨመረ ማለት ነው» ብሎ የለመደ ልጅ እዚህ ላይ ይምታታል። ቀስት አግድም ይሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

መምህራን ሆይ፣ የትኛው ጉድለት ስንት ነጥብ እንደሚያስቀንስ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳትነኩ ወስኑ፤ በእርማቱም ላይ «ስም የለውም» ከማለት «የፊተኛው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጻፉለት።