ጡረታ ለወጣ ጎረቤት በስጦታው ካርድ ላይ ምን ይጻፍ?



ከመርሳ ከተማ የመጡ ወጣቶች በቅርቡ አንዲት ወረቀት ይዘው ወደ እኛ መጡ። ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት ነርስ ጡረታ ወጥተዋል። የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ጋቢ ገዝቶላቸዋል። ከጋቢው ጋር በምትሰጠው ካርድ ላይ በሚጻፈው ቃል ግን አልተስማሙም። ነርሷ ክርስቲያን በመሆናቸውም የዱዓው ነገር አሳስቧቸዋል።

ረቂቃቸው እንዲህ ይል ነበር፦ «እንደ ሻማ ቀልጠው ያበሩልን፣ አቻ የሌለዎት የዘመናችን ጀግና! ዛሬ ሲለዩን ሐዘናችን ጥልቅ ነው። ይህን ውድ ስጦታችንን ይቀበሉን። ደህና ይሁኑ!»

በመጀመሪያ «ሲለዩን» እና «ደህና ይሁኑ» የሚሉትን ቃላት እንመልከት። እነዚህ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ቃላት ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው የሚሰናበተው ከሥራው እንጂ ከሰፈሩ አይደለም። እንዲያውም ጠዋት ወጥተው ማታ ይገቡ የነበሩት ሴት ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከጎናችን ሊውሉ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ከሁሉ የሚፈራው ፈላጊ ማጣትን ነው። ጎረቤቱ ደግሞ «ደህና ይሁኑ» ብሎ ሲጽፍለት ፍርሃቱን ያጸናበታል። መሥሪያ ቤት ይሸኛል፤ ጎረቤት ግን ይቀበላል።

ሁለተኛው ውዳሴው ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ በክራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ሌላውን ከልክ በላይ ቢያወድስ፣ የጓደኛውን አንገት እንደቆረጠ ነግረውታል። ማመስገን የግድ ከሆነም የሚያውቀውን ያህል ብቻ «እንዲህ ይመስለኛል» ብሎ እንዲናገር፣ ትክክለኛውን ግምገማ ግን ለአላህ እንዲተው አስተምረዋል። ስለዚህ ወጣቶቹን «በዓይናችሁ ያያችሁት ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። አንደኛው ባለቤቱን በክረምት ሌሊት ምጥ ሲይዛት ነርሷ ባትሪ ይዘው እንደደረሱና እስከ ጤና ጣቢያው በጭቃ አብረዋቸው እንደሄዱ ነገረን። «እንግዲያው ይህን ጻፉት» አልን። «አቻ የሌለዎት» የሚለው ለማንም ሊጻፍ ይችላል። የዚያች ሌሊት ነገር ግን የእሳቸው ብቻ ነው።

ሦስተኛው «ውድ ስጦታ» የሚለው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ለጎረቤቷ የምትሰጠውን፣ የበግ ሰኮና እንኳ ቢሆን፣ እንዳትንቅ አዘዋል። ጋቢው ትንሽ ነው ብለን አናፍርም፤ ውድ ነው ብለንም አናስታውስም። መመጻደቅ ምጽዋትን እንደሚያበላሽ በሱረቱል በቀራህ ተነግሮናል። ስጦታም ከዚህ ትምህርት አይወጣም። ዋጋም ሆነ ማን ስንት እንዳዋጣ በካርዱ ላይ አይጻፍ።

ወደ ዱዓው እንምጣ። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ፣ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተልኮለት እንደሆነ ደጋግመው መጠየቃቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ስጦታውም ምስጋናውም ለጎረቤትነት ነውና ክርስቲያን መሆናቸው አያግድም። ለጤናና ለዕድሜ ዱዓ ማድረግም እንዲሁ። «ጀዛኩሙላህ ኸይረን» የሚለውን ግን በአማርኛ ብንለው ይሻላል። የቁርኣን አንቀጽ በካርዱ ላይ ባንጽፍ እንመርጣለን፤ ካርዱ ከመጠቅለያው ጋር ተጥሎ ሊረገጥ ይችላልና።

በመጨረሻ ካርዱ እንዲህ ሆነ፦

«ለጎረቤታችን ለእትዬ። በዚያ የክረምት ሌሊት ባትሪ ይዘው የደረሱልንን አንረሳም። አላህ ውለታዎን ይክፈልልን፤ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። እስከ ዛሬ የምናገኝዎ ማታ ማታ ነበር፤ ከእንግዲህ ቀኑም የእኛ ነው። ቡና ሲፈላ ልጆቹ ይጠሩዎታል፤ እንዳይቀሩብን። ጎረቤቶችዎ።»

የሚያነቡ ሰው ዕድሜያቸው የገፋ ነውና ፊደሉ ጎላ ይበል። በወልድያም ሆነ በሀብሩ ገጠር ጎረቤታችሁ ማንበብ የማይችሉ ከሆኑ፣ ስጦታውን የሚያደርሰው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው። ለወንድ ሲሆን «ጋሼ» ይባል፤ ሐጅ ላደረገ «ሐጂ» ይባል።

ወጣቶቹን ስንሸኛቸው አንድ ነገር አስጠነቀቅናቸው። «ልጆቹ ይጠሩዎታል» የሚለው ቃል ኪዳን ነው። ቃል ገብቶ ማፍረስ ከሙናፊቅ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ሐዲሱ ነግሮናል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠርተው በሁለተኛው ከረሷቸው፣ ካርዷ በእሳቸው ቤት ሆና ትመሰክርባቸዋለች። ልጁን ለመላክ ያላሰበ ሰው ያችን መስመር ይተዋት፤ ምስጋናውና ዱዓው ብቻ ይበቃል።