ዋስ የሆኑለት ጓደኛ ቃሉን ሲያጥፍ

እቁብ በቃል ላይ የቆመ የቁጠባ ማኅበር ነው። አባላቱ በየተወሰነ ጊዜ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበውም በዕጣ በየተራ ለአንድ ሰው ይደርሳል። ዕጣው መጀመሪያ አካባቢ የወጣለት ሰው የሌሎቹን ገንዘብ ቀድሞ ስለሚወስድ ቀሪውን መክፈሉን የሚያረጋግጥ ዋስ ይጠራል። ዋሱም አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛ ነው። በጓደኛሞች መካከል ቃል ሲታጠፍ ምን ማድረግ እንደሚሻል ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም እዚህ ዝምታ ስንት እንደሚያስከፍል በብር መቁጠር ይቻላል።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 12 ሰዎች በወር 3,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ ከመስከረም ጀመሩ እንበል። ዕጣው 36,000 ብር ነው። አንዱ አባል በታኅሣሥ ደረሰው፤ የቅርብ ጓደኛውም ዋስ ሆነለት። «አንድ ወር አላሳልፍም» ብሎ ቃል ገባ፤ ጥርንም ከፈለ። በየካቲትና በመጋቢት ግን ድርሻውን አላመጣም፤ ዋሱ 6,000 ብር ከኪሱ ሸፈነ። ጓደኛው በየቀኑ ቡና ሲጠጡ ይጫወታል፤ ስለ ገንዘቡ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ዋሱን ዝም የሚያሰኘው ይሉኝታ ነው። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ሲሆን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ራስን መግታት ማለት ነው። «ለስድስት ሺህ ብር ብሎ ጓደኛውን አሳፈረ» እንዳይባል «ሆድ ይፍጀው» ይላል። እኔ በበኩሌ ይሉኝታን አልንቅም፤ ብዙ ችኩል ንግግር ያስቀረ ጨዋነት ነው። ነገር ግን ያልተነገረ ነገር ቅሬታ ይሆናል። ቅሬታ «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ነገር እንደማለት። ሲቆይ ቅያሜ፣ ሲጠና ቂም ይባላል።

ስለዚህ ዋሱ መጀመሪያ መለየት ያለበት የታጠፈው ቃል አልቆ እንደሆነ ወይስ ገና እየሄደ እንደሆነ ነው። ለሠርግ እመጣለሁ ብሎ የቀረ ጓደኛ ነገር አልፏል፤ የተቀየመው ሰው ከልቡ መተው ከቻለ መተው ይችላል። የእቁቡ ቃል ግን አላለቀም። እስከ ነሐሴ አምስት ወር፣ ማለትም 15,000 ብር ይቀራል። አሁን ዝም ማለት ያለፈውን 6,000 ብር መተው ብቻ ሳይሆን ለቀጣዮቹ ወራትም ፈቃድ መስጠት ነው። ጓደኛውም ዝምታውን እንደ ይቅርታ ሊያየው ይችላል።

ሕጉም ብዙ አያግዘውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና የሚጸናው ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ተለይቶ ሲገለጽ መሆኑን ይደነግጋል። በጓደኛሞች እቁብ ግን ብዙ ጊዜ የሚባለው «እኔ አለሁ» ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረው መንገድ መነጋገር ነው።

ንግግሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአሽሙር ነው። በቡናው መካከል «አንዳንድ ሰው እኮ የሰው ገንዘብ ይጥመዋል» ማለት ጓደኛውን ሰው ፊት ያዋርደዋል፤ መልስ የመስጫ ቦታም አይሰጠውም። «አንተ ድሮም ቃል የለህም» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ከሁለት ወር ክፍያ ተነስቶ በሰውየው ማንነት ሁሉ ላይ ይፈርዳል። የሚሻለው ከሥራ በኋላ ለብቻ ወስዶ ወሩንና ብሩን ጠርቶ መጠየቅ ነው።

«ወንድሜ፣ የየካቲትንና የመጋቢትን ድርሻህን እኔ ከፍያለሁ፤ ስድስት ሺህ ብር ነው። ምን ገጠመህ?»

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ሲያፍር መልሱ ቶሎ አይመጣለትም። ጓደኛው ምናልባት እናቱ ታማ ደመወዙ ወደ ሕክምና እንደሄደ ይናገራል። ያን ጊዜ «እሺ፣ ሲመችህ» ብሎ መለያየት ችግሩን ወደ ሚያዝያ ያሻግረዋል። ከሚያዝያ ጀምሮ የወሩን 3,000 ብር ሳያጓድል እንዲያመጣ፣ ያለፈውን 6,000 ደግሞ በወር 1,000 ብር እየጨመረ እስከ መስከረም እንዲጨርስ ቢስማሙ ግን አዲሱ ቃል የሚፈጸምበት ቀን አለው።

ዋሱ 6,000ውን መተው ከፈለገም በአፉ «ይህን ትቼልሃለሁ፤ የሚቀጥለውን ግን አልችልም» ይበል። ያልተነገረ ምሕረት ጓደኛውን ከዕዳ አያሳርፈውም፤ ሲያየው መንገድ መቀየር ይጀምራል። መተው የቻለ ሰው ደግሞ ይታወቃል፦ ጓደኛው አዲስ ጫማ አድርጎ ሲመጣ ዋጋውን አያሰላም።

ሚያዝያ ሲያልቅ ጓደኛው 3,000ውን ይዞ ቢመጣና 1,000ውን ቢያጎድል ዋሱ እኔ እንደማስበው ያን ቀን ደስ ሊለው ይገባል፤ የሌሎቹ አባላት ገንዘብ ሳይጓደል ደርሷል፣ ጓደኛውም ራሱ መጥቷል። 3,000ውም ካልመጣ ግን ጉዳዩን ለእቁቡ ዳኛ ያቀርባል፤ ከማቅረቡ በፊትም ለጓደኛው ይነግረዋል።