የጭቃ ጭላዳ

በአጸደ ሕፃናት ክፍል ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከጭቃ እንስሳ ይሠራሉ፤ ሲጨርሱ አንዱ ለሌላው የሠራው እንስሳ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ከጠላት እንዴት እንደሚያመልጥ ይነግረዋል። ሥራው ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች ይስማማል። ፍሬ የሚሰጠው ግን ወሬው ከቅርጹ ሲወጣ ነው።

ጭቃው አስቀድሞ ይዘጋጃል። የሸክላ አፈር ከንጹሕ ቦታ ተቆፍሮ፣ ጠጠሩና ሥሩ ተለቅሞ፣ ውኃ ውስጥ ካደረ በኋላ ይታሻል። ለመፈተን ጥቂቱን በመዳፍ መካከል አሽቶ የእርሳስ ውፍረት እስኪኖረው ማቅጠንና ጣት ላይ መጠምጠም ይበቃል። ከተሰነጠቀ ውኃ አንሶታል ወይም አሸዋ በዝቶበታል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ውኃው በዝቷል። ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ በጣም ስለሚኮማተር ይሰነጣጠቃል።

ጭላዳን እንውሰድ። ልጆች ብዙውን ጊዜ እንስሳን ሁሉ በአራት ቀጫጭን እግሮች ያቆሙታል፤ እግሮቹም የሰውነቱን ክብደት መሸከም አቅቷቸው ይታጠፋሉ። ጭላዳ ግን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ነው። ስለዚህ ልጁ ጭቃውን ሰፊ መቀመጫ እንዲኖረው አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ እጆቹን ለብቻ ሠርቶ ከመለጠፍ ከዚያው ጭቃ ስቦ ያወጣቸዋል። የተለጠፈ እጅ ሲደርቅ ይወድቃልና መለጠፍ ግድ ከሆነ ሁለቱም ፊት በእንጨት ተጭሮ፣ ቀጭን ጭቃ ተቀብቶ ይጣበቃል። የወንዱ ረጅም የትከሻ ጠጉር በስንጥር ይጫራል።

ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። አድማጩ የራሱን ጭቃ ያስቀምጣል፤ ሁለቱም እየሠሩ ከሆነ የሚሰማ የለም።

«ለምን ቁጭ አለ?»
«ሣር እየበላ ነው። በጣቱ ይነጨዋል።»
«ማታስ የት ይተኛል?»
«ገደል ላይ። ጅብና ነብር እንዳይደርሱበት።»

አንዳንዱ ልጅ «ይሄ ጭላዳ ነው» ብሎ ዝም ይላል። አስተማሪዋ መልሱን ከመንገር ይልቅ ጣቷን እጁ ላይ አድርጋ «ይሄ እጅ ምን እየሠራ ነው?» ብትል ይሻላል። ሥጋ ይበላል ያለውም ልጅ ወደ ሠራው እጅ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ራሱ ያስተካክላል። አድማጩ መስማቱ የሚታወቀው የጓደኛውን እንስሳ ለሌላ ልጅ ሲያስተዋውቅ ነው፤ ስሙን ብቻ ካለ ንግግሩ አልደረሰውም ማለት ነው።

የተሠራው እንስሳ በጥላ ሥር በቀስታ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውጪው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ጭላዳን በዓይኑ ያላየ የከተማ ልጅ ስለ ገደሉ የሚናገረው የሰማውን ብቻ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ልጅ መጀመሪያ ዶሮ ወይም ድመት ይሻለዋል፤ ዶሮዋ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር ስትሰበስብ ያየ ልጅ ክንፉን ሰፋ አድርጎ ይሠራዋል፣ ለምን እንዳሰፋውም ጠያቂ ሳይጠብቅ ይናገራል።