በአንድ ፊት ላይ ሁለት ዕድሜ

በ2012 እ.ኤ.አ. «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት አሜሪካዊ ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ። ሰውየው ለ28 ዓመታት የዕቃ ማመላለሻ መኪና የነዳ ሹፌር ነው። የፊቱን ግራ በእጅ ሸፍኖ ቀኙን ብቻ ላየ ሰው ደህና የያዘው ጎልማሳ ይመስላል። ቀኙን ሸፍኖ ግራውን ካየ ደግሞ የወንድሙን ሳይሆን የአባቱን ፊት ያየ ሊመስለው ይችላል። በግራ በኩል ቆዳው ወፍሯል፣ ጉንጩ በጥልቅ መስመሮች ታርሷል፣ ከዓይኑ ሥር ያለውም ተንጠልጥሏል። ሁለቱም ጉንጮች የተወለዱት በአንድ ቀን ነው፤ ልዩነቱ ግራው በሹፌሩ መስኮት በኩል መሆኑ ብቻ ነው።

ከፀሐይ ጨረር ቆዳን የሚያቃጥለውን ዓይነት መስታወት በአብዛኛው ያስቀረዋል። «አልትራቫዮሌት ኤ» የሚባለው ግን ተራውን የጎን መስታወት አልፎ ይገባል፤ ከላይኛው ቆዳ በታች ወዳለው ክፍልም ይዘልቃል። እዚያ ቆዳውን የሚያጠነክረው የኮላጅን ክር፣ ሲሳብ ወደ ቦታው የሚመልሰው ደግሞ የኢላስቲን ክር አለ። ጨረሩ ኮላጅኑን ይበጣጥሳል፣ ኢላስቲኑን አጠላልፎ ያጓጉላል። አያቃጥልም፣ አያምም፤ ስለዚህ ሹፌሩ ነገሩን ልብ ያለው ለውጡ ዓመታት ከፈጀ በኋላ ነው። የፊት ለፊቱ መስታወት ድርብ ሆኖ በመሐሉ ፕላስቲክ ስላለው ይህንን ጨረር በደንብ ያግዳል፤ ጥፋቱ የመጣው ከጎን ነው።

እርግጥ ፀሐይ የማያገኘው ቆዳም ያረጃል። ከወጣትነት ማብቂያ ጀምሮ ሰውነት የሚሠራው ኮላጅን በየዓመቱ በጥቂቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ቅባቱ ይጎድላል፣ ከሥሩ ያለው ስብም ቦታውን ይለቃል። አንድ ሽማግሌ ክንዳቸውን ከውስጥ በኩል ቢያሳዩ ይህንን እናያለን፤ ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ ጥልቅ መስመር ግን የለውም። «የእርጅና ፊት» ብለን የምንለምደው አብዛኛው ነገር ግን የፀሐይ፣ የሲጋራ ጭስና የክብደት መውረድ ሥራ ነው። ድንገት የከሳ ሰው በወራት ውስጥ ዓመታት የጨመረ የሚመስለው ጉንጩን ደግፎ የያዘው ስብ ስለሄደ ነው።

የእኛን ዓይነት ቆዳ በተመለከተ ደግሞ ሌላ ነገር ይገባል። ሜላኒን የበዛበት ቆዳ ጨረሩን ከላይ ስለሚያስቀር መጨማደዱ ዘግይቶ ይመጣል። ዕድሜው የሚነበበው ከመስመር ይልቅ በቀለም ነው፦ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚጠቁሩ ቦታዎች፣ ያልተስተካከለ መልክ፣ በጉንጭ አጥንት ዙሪያ የሚወጡ ጉዳት የሌላቸው ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች። ዓይኑ በነጮች ፊት የሠለጠነ ሰው እነዚህን እንደ ዕድሜ ምልክት አይቆጥራቸውም፤ መስመር ሲፈልግ ያጣና የ55 ዓመቷን ሴት 40 ይላታል። በአንጻሩ ከልጅነቷ ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለች፣ በጭስ ምድጃ ሥር ያደረች ገበሬ ሲያገኝ በላይዋ ላይ ሃያ ዓመት ሊጭንባት ይችላል።

ሽበት ከቆዳ የተሻለ ምስክር ይመስላል፤ ነጭ ወይ ጥቁር ነው፣ መሐል የለውም። በእርግጥም አንዷን ፀጉር ነጥለን ብናያት ጉዳዩ ቀላል ነው። በፀጉሯ ሥር ቀለም የሚያቀብሉ ሕዋሳት አሉ፤ እነሱን የሚተካው ክምችት ሲያልቅ የሚቀጥለው ፀጉር ቀለም ሳይዝ ይወጣል። ራስ «ገብስማ» የሚሆነው እያንዳንዱ ሥር ክምችቱን የሚጨርስበት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። ያ ጊዜ መቼ ነው የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ግን የዘር ጉዳይ ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ሽበት በአማካይ በሠላሳዎቹ አጋማሽ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ በአርባዎቹ አጋማሽ ይጀምራል። ስለዚህም ሐኪሞች «ያለ ጊዜው የመጣ ሽበት» የሚሉት ለነጩ ከ20 ዓመት በፊት ሲሆን፣ ለጥቁሩ ከ30 በፊት ነው። አባቱ በ25 ዓመቱ የሸበተ ወጣት በ25 ቢሸብት የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ዘር በሌለበት ቀድሞ የመጣ ሽበት ግን አንዳንዴ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የእንቅርት ዕጢ መዛባት ምልክት ይሆናል። በተረፈ ሂናው፣ ጥቁር ቀለሙ፣ የተላጨው ራስና ሻሹ ምስክሩን ከችሎቱ ያስቀሩታል።

ከሦስቱ ብዙ የሚያሳስተው፣ ብዙ ጉዳትም የሚያመጣው አቋም ነው ባይ ነኝ።

ሰው ከ40 ዓመቱ ወዲህ በየአሥር ዓመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ከ70 በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያሉት ዲስኮች ውኃቸውን እያጡ ይሳሳሉ፣ ጀርባን ቀና አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎችም ይደክማሉ። እስከዚህ ድረስ የዕድሜ ነገር ነው። ጎልቶ የሚታየው መጉበጥ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት አለው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሴቶች አጥንት ይሳሳል፤ የሳሳው አከርካሪ ውድቀት ሳያስፈልገው እንስራ ሲያነሡ ወይም ጎንበስ ሲሉ ከፊቱ በኩል ይደረመሳል፣ ጀርባውም ወደ ፊት ያጋድላል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ስብራት «ወገቤን አመመኝ» ተብሎ ያልፋል እንጂ ስብራት መሆኑ አይታወቅም። ከዚያም አለ የአከርካሪ ቲቢ። እሱ ዕድሜ አይመርጥም፤ የ20 ዓመት ልጅንም ያጎብጣል።

እነዚህን ለመለየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውየውን ተረከዙንና ጀርባውን ግድግዳ አስነክቶ ማቆም፣ ራሱን ቀና አድርጎ ማጅራቱ ግድግዳውን ይነካ እንደሆነ ማየት ነው። ካልነካ፣ አልጋ ላይ በጀርባው ማስተኛት። ያለ ትራስ ራሱ ፍራሹን ካገኘ ጉብጠቱ ያለው ጡንቻው ላይ ነው፤ በልምምድ ሊቃና ይችላል። ራሱ አየር ላይ ከቀረ አጥንቱ ወይም መገጣጠሚያው ተለውጧል። የጉብጠቱም ቅርጽ ይናገራል። በስፋት እንደ ቅስት የዞረ ከሆነ ወደ አጥንት መሳሳት ያመለክታል፤ በአንድ ቦታ ላይ ሹል ሆኖ ከወጣ፣ በተለይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለበት፣ ቲቢ መጠርጠር አለበት። ራጅ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው።

ተመልካቹም የራሱ ስህተት አለው። ሰዎች ከፎቶግራፍ ዕድሜ እንዲገምቱ ሲደረግ የወጣቶችን ከፍ፣ የሽማግሎችን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ግምታቸው ወደ መሐል ይሰበሰባል። ከአንዱ በፊት ያዩት ፊትም የሚቀጥለውን ግምት ወደ ራሱ ይስበዋል። የብሪታንያ መጠጥ ሻጮች ይህንን በተግባር አምነውበታል፦ መጠጥ የሚሸጠው ለ18 ዓመት ሰው ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሱቆች ከ25 በታች የሚመስለውን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ሰባት ዓመት የተተወው ለዓይን ስህተት ነው።

መልክ ምንም አይናገርም ማለቴ ግን አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የዴንማርክ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆነ 1,826 መንትዮችን ፎቶ ለገማቾች አሳየ። ከሁለቱ መንትዮች መሐል ያረጀ የመሰለው በአብዛኛው ቀድሞ ሞተ፤ በመልካቸው መሐል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥርም ይህ ይበልጥ ታየ። ልብ በሉ፣ መንትዮቹ የተወለዱት እኩል ነው። ፊታቸው የተናገረው ስለ ጤናቸውና ስላሳለፉት ኑሮ እንጂ ስለ ልደታቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እንግባ። ኢትዮጵያ ውስጥ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ገጠሬ አብዛኛው የልደት ወረቀት የለውም። አንዲት እናት መጡ እንበል። ፊታቸው ተጨማድዷል፣ ከነጠላቸው ሥር የሚታየው ፀጉር ነጭ ነው፣ ጎብጠው ይሄዳሉ። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ሲባሉ «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አንተው ገምት» ይላሉ። ካርድ ጸሐፊው ቀና ብሎ አይቶ 75 ብሎ ይጽፋል። በአገራችን ቆጠራዎች ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ የሚከማቸው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

ጊዜ ያለው ነርስ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። «ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ምን ይሠሩ ነበር?» «ጥጃ እጠብቅ ነበር።» «በሰባ ሰባቱ ድርቅስ?» «አግብቼ፣ ሁለተኛ ልጄን አዝዬ ነበር።» ደርግ ሥልጣን የያዘው በመስከረም 1967 ነው። 75 ዓመት ቢሆናቸው ያኔ የሃያ አራት ዓመት ገደማ ሴት ነበሩ፤ የዚህ ዕድሜ የገጠር ሴት ቤት ይዛ ልጅ ታሳድጋለች እንጂ ጥጃ አትጠብቅም። ጥጃ ጠባቂ ልጅ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቷ ይሆናል፤ ይህም ልደታቸውን ወደ 1958 ያመጣዋል። በ1977 ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ በዚያ ዘመን ቶሎ ላገባች ሴት ሁለተኛ ልጅ ማዘል የሚያስገርም አይደለም። ሁለቱ መልሶች ተስማሙ፤ እማማ 60 ገደማ ናቸው።

አሥራ አምስቱ ዓመት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኩላሊት አቅም ከደም ምርመራ ሲሰላ ዕድሜ በስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ የተጋነነ ዕድሜ ደህናውን ኩላሊት የደከመ ያስመስለዋል፣ የመድኃኒት መጠንም በዚያ ልክ ሊቀነስ ይችላል። ከዚያ የሚብሰው ግን የ75 ዓመት አሮጊት መጉበጥ ማንንም አለማስደነቁ ነው፤ «እርጅና ነው እማማ» ተብሎ የሕመም ማስታገሻ ይታዘዝላቸዋል። 60 ተብሎ ሲጻፍ ሐኪሙ ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ ያስለካል፣ ሲተኙ ራሳቸው የት እንደሚያርፍ ያያል፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳጠሩ፣ በሌሊት ያልባቸው እንደሆነ ይጠይቃል፣ ራጅም ያዝዛል። ነርሱ ካርዱ ላይ ከ60 ቀጥሎ «በግምት፦ ደርግ ሲመጣ ጥጃ ጠባቂ፣ በ77 ሁለተኛ ልጅ» ብሎ ይጨምርበታል፤ ቀጥሎ የሚያያቸው ሰው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንዲያውቅ።