ከስም ሥር የምትቀመጠው አንዲት መስመር

ሰርግ ሊደገስ ሲል ፎቶግራፈር የሚያፈላልገው ብዙ ጊዜ ሙሽራው አይደለም። ሙሽሪትም ቬሎ ስትለካ፣ አዳራሽ ስታይና የጥሪ ካርድ ስታሳትም ስለምትውል ሥራው ለእህቷ ወይም ለአንዷ ሚዜዋ ይተላለፋል። ያቺ ልጅ ማታ ጋደም ብላ ኢንስታግራም ትከፍትና ገጽ በገጽ ታገላብጣለች። ሁሉም ጋ ቬሎ አለ፣ ሁሉም ጋ እየሳቁ የሚሮጡ ሚዜዎች አሉ፣ ሁሉም ያምራል። ፎቶው ዓይኗን ይይዘዋል፤ መልእክት ለመላክ ግን ሌላ ነገር ማወቅ ትፈልጋለች። ይኼ ሰው የት ነው? ሰርግ ይሠራል ወይስ የልብስ ማስታወቂያ? የእኛ ቀን ላይ ክፍት ነው? መልሱን የምትፈልገው ከስሙ ሥር በተጻፈችው፣ ሙያተኞቹ «ባዮ» በሚሏት አጭር መስመር ላይ ነው።

እዚያ የምታገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «እያንዳንዱን ውብ ቅጽበት ወደ ዘላለማዊ ትዝታ እንቀይራለን»። ክፉ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ችግሩ ቆርጠው የጎረቤት ፎቶ ቤት ገጽ ላይ ቢለጥፉት ልክ ይሆናል፤ ቪዲዮ ቀራጩም፣ ዲኮር ሠሪውም ሊወስደው ይችላል። «ፕሮፌሽናል»፣ «ምርጥ»፣ «ቁጥር አንድ» የሚሉት ቃላትም እንደዚያው ናቸው፤ ማንም ራሱን «መካከለኛ» ብሎ ስለማይጽፍ ለአንባቢዋ ምንም አይነግሯትም።

ለብቻው የሚሠራ፣ ስቱዲዮ የሌለው አንድ የአዲስ አበባ ፎቶግራፈር እንውሰድ። ባዮው ላይ ያችው የትዝታዋ ዓረፍተ ነገር አለች። መስመሯን ለማደስ የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ እጁ ላይ ነው፤ የመልእክት ሳጥኑን ከፍቶ ያለፉትን ወራት ጥያቄዎች ቢያነብ ይበቃዋል። «የት ናችሁ?»፣ «ሰርግ ትሠራላችሁ?»፣ «መልስም ይጨምራል?»፣ «ጥር 17 ክፍት ናችሁ?»፣ «ስንት ነው?» እነዚህ ጥያቄዎች ተደጋግመው የሚመጡት ሰዎቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። አንድ ጥያቄ በተደጋገመ ቁጥር መስመሯ ላይ አንድ ቃል ጎድሏል ማለት ነው። ጠይቀው የላኩት ደግሞ ትዕግሥት ያላቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ሳይጠይቁ ወደሚቀጥለው ገጽ አልፈዋል።

እንግዲህ ጥያቄዎቹን ወደ መልስ ቀይረን መስመሯን እንደገና ብንጽፋት ይህን ትመስላለች፦

«በአዲስ አበባ የሰርግ፣ የመልስና የቀለበት ፎቶ አነሳለሁ፤ የጥር ቀን ለመያዝ በቴሌግራም ይጻፉልኝ።»

ኢንስታግራም ለባዮ የሚሰጠው ቦታ 150 ምልክት ነው፤ ክፍተትና ነጥብም ይቆጠራሉ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ክፍተቱም ነጥቡም ተደምሮ 62 ብቻ ናት። የግዕዝ ፊደል እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ እንደ አንድ ስለሚቆጠር በላቲን ቢጻፍ የሚጠበው ቦታ በአማርኛ ሰፊ ነው። የቴሌግራም የግል ገጽ ያለ ክፍያ የሚፈቅደው 70 ምልክት ነው፤ መስመሯ እዚያም ሳትቆረጥ ትገባለች። እዚያ ስትለጠፍ «በቴሌግራም» የምትለው ቃል ትውጣና ቦታዋን ስልክ ቁጥር ይያዘው።

ከመስመሯ ውስጥ ብዙ ነገር እንደቀረ ልብ ይሏል። ሰውየው ክርስትናም ያነሳል፣ ምርቃትም፣ ልደትም፣ ሲገኝ የሆቴል ምግብም። ሁሉንም መደርደር ግን ሰርግ ፈላጊዋን ያሸሻታል፤ የዓመቱን ትልቅ ድግስ ሁሉን ለሚነካካ ሰው መስጠት ያስፈራታል። ክርስትናና ልደት የሚያስነሡ ቤተሰቦች በበኩላቸው «ሰርግ» የሚለውን አይተው አይሸሹም፤ ሰርግ የቻለ ልደት አያቅተውም ይላሉ። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ጽፎ ቀላሉን መተው ያዋጣል።

«መልስ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ከምትይዛት ቦታ በላይ ትሠራለች። የሰርጉ ዕለት ቬሎና ሱፍ ነው፤ መልሱ ላይ የአገር ልብስ፣ ካባ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ብርሃን አለ። ዋጋ ሲነጋገሩ መልሱን ረስቶ በኋላ «ይኼ ለብቻው ነው» የሚል ፎቶግራፈር ያጋጠመው ቤተሰብ ቃሏን ሲያይ ልቡ ያርፋል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላሉ ኢትዮጵያውያን የሚሠራ ፎቶግራፈርም ይህችኑ ቃል ባዮው ላይ ቢጽፋት ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው እንዳልሆነ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይታወቅለታል።

አሁን ወደ ቀኑ። «የጥር ቀን» የሚለው ለጌጥ የገባ አይደለም። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በጾም ሰርግ ስለማይደገስ የክረምቱን ዝናብና የጾሙን ወራት ያመለጠው ሁሉ ገና ከተፈሰከ በኋላ ይከማቻል። በ2018 ዓ.ም. ጥምቀት ጥር 11፣ ሰኞ ዋለ፤ ሁዳዴ ደግሞ የካቲት 9 ገባ። በመካከሉ የነበሩት እሁዶች ጥር 17፣ ጥር 24፣ የካቲት 1 እና የካቲት 8 ናቸው፤ አራት ብቻ። ብዙው ሰው ሰርጉን ቅዳሜና እሁድ ስለሚያደርግ አንድ ፎቶግራፈር በዚያ ወቅት ሊሸጠው የሚችለው ቀን በጣት ይቆጠራል፤ ፈላጊዋም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ «ለጥር 24 ክፍት ነኝ» የምትል ቁራጭ ከማንኛውም ማሞካሻ ትበልጣለች።

ችግሩ መስመሯ መታደስ ያለባት መሆኑ ነው። ሚያዝያ ላይ «የጥር ቀን ለመያዝ» የሚል ገጽ ያየች ሰው ፎቶግራፈሩ ሥራ ትቷል ብላ ታልፋለች። ቀን የሚጽፍ ሰው ቀኑ በተያዘ ሰዓት ማጥፋትንም መልመድ አለበት፤ ያንን የማይችል ወሩን ጭምር ቢተወው ይሻላል።

ብዙዎች የሚሰናከሉበት ሌላው ቦታ «አነሳለሁ» እና «እናነሳለን» ላይ ነው። ብቻቸውን የሚሠሩ ፎቶግራፈሮች ትልቅ ለመምሰል «እኛ» ይላሉ። በሌላ ሥራ ይህ ላይጎዳ ይችላል። የኛ ሰርግ ጠዋት ግን በሁለት ቤት ነው የሚጀምረው፤ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በአንዱ ቤት እየለበሰ ሙሽሪት በሌላው ትኳላለች፤ በመካከላቸው የአዲስ አበባ መንገድ አለ። «እኛ» የሚለውን ያነበበ ቤተሰብ በሁለቱም ቤት ካሜራ እንደሚኖር ይጠብቃል። አንድ ሰው ብቻ ከመጣ ከሁለቱ ጠዋቶች አንዱ ሳይነሣ ይቀራል፤ ጸቡም ከዚያ ይጀምራል። በተቃራኒው ረዳት ያለው ሰው ሊጽፈው ከሚችለው ሁሉ ጠንካራው ነገር ይኸው ነው፦ «የሰርግ ፎቶ በአዲስ አበባ፤ ጠዋት በሙሽራውም በሙሽሪትም ቤት እንገኛለን።» ይህን ቆርጦ ገጹ ላይ ለመለጠፍ ሁለተኛ ካሜራና ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ዝም ብሎ መቅዳት አይቻልም።

ዋጋስ? «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይበዛል፤ መስመሯ ላይ ግን ባይገባ ይመረጣል። አልበሙ ስንት ገጽ ነው፣ ላሜኔት አለው ወይ፣ ቪዲዮና ድሮን ይጨመራል ወይ፣ ከሰርጉ በፊት የሚነሣው ፎቶ ተካቷል ወይ የሚሉት ሁሉ ሒሳቡን ስለሚቀያይሩት ብቻውን የቆመ ቁጥር ወይ ያስደነግጣል ወይ ያታልላል። ከገጹ አናት ላይ ተሰክቶ በሚቆይ አንድ ልጥፍ ጥቅሎቹን ዘርዝሮ ማስቀመጥ ይሻላል። የማስረከቢያ ጊዜም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አልበም መዘግየት የሰርግ ፎቶ የታወቀ ቅሬታ ስለሆነ «በ15 ቀን እናስረክባለን» ማለት ይማርካል፤ ማተሚያ ቤቱ ግን የፎቶግራፈሩ አይደለም፣ በሰርግ ወቅትም ወረፋ አለው። በራሱ እጅ ያለውን፣ የተስተካከለውን ፎቶ በስልክ የሚልክበትን ቀን ቢጽፍ ቃሉን ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገጹ ሲገኝ ነው። ኢንስታግራም ፍለጋ ላይ ከሚያያቸው ነገሮች መካከል የገጹ መጠሪያ፣ ከላይ በደማቅ የሚታየው ስምና ባዮው ይገኙበታል። ስለዚህ በስሙ ቦታ ላይ የሰውየውን ስም ብቻ አስቀምጦ መተው ብክነት ነው፤ ከስሙ ጎን «የሰርግ ፎቶ አዲስ አበባ» ቢጨመር ስሙን የማያውቅ ሰውም ሊያገኘው ይችላል። እዚህ ላይ የፊደል ጉዳይ አለ፤ አንዱ «ሰርግ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ሠርግ»፣ ብዙው ደግሞ በላቲን ፊደል። ስሙ ላይ በአንዱ፣ ባዮው ላይ በሌላው መጻፍ ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ ነው። ከልዩ ልዩ ድረ ገጾች እየተቀዱ የሚለጠፉት የተጠማዘዙ የላቲን ፊደላት ግን ይቅሩ፤ ለዓይን ፊደል ቢመስሉም ለስልኩ ሌላ ምልክት ናቸው፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራምም ይደነቃቀፍባቸዋል።

ኢንስታግራም ባዮ ውስጥ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ወይም የቴሌግራም አድራሻ ቢነኩት አይከፈትም፤ ፈላጊዋ በቃሏ ይዛ ወይም በወረቀት ገልብጣ መደወል ይኖርባታል። አድራሻው ለሊንክ በተዘጋጀው ቦታ ይግባ፣ ገጹም ወደ ንግድ ገጽ ተቀይሮ የመደወያ ቁልፍ ይኑረው። ከውጭ መጥተው አገር ቤት የሚያገቡ ጥንዶች ቀን የሚይዙት ገና እዚያው ሳሉ ነውና ቁጥሩ በ09 ወይም በ07 ሳይሆን በ+251 ቢጀምር ይመረጣል።

አዲሷ መስመር መሥራት አለመሥራቷን ለማወቅ የወዳጅ ቁጥር አይረዳም። የንግድ ገጽ ስንት ሰው እንደጎበኘውና ስንቱ የመደወያውን ቁልፍ ወይም ሊንኩን እንደነካ ያሳያል። ጎብኚው በዝቶ ነኪ ከጠፋ ጥፋቱ መስመሯ ወይም ከሥሯ ያሉት የመጀመሪያ ፎቶዎች ጋ ነው፤ ባዮው «ሰርግ» እያለ የላይኞቹ ሦስት ረድፎች ጫማና በርገር ከሆኑ ፈላጊዋ የምታምነው ዓይኗን ነው። ከሁሉ የሚቀለው መለኪያ ግን መልእክት ሳጥኑ ነው። «የት ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ «የካቲት 8ን ያዝልን» የሚል ከመጣ መስመሯ ሥራዋን ጀምራለች።

ወቅቱ ሲያልፍ የጥሩ ነገር ወጥቶ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይገባሉ። ያንን ባዮው ላይ እንጂ ስሙ ላይ አለማድረግ ጥሩ ነው፤ ኢንስታግራም በ14 ቀን ውስጥ ስም እንዲቀየር የሚፈቅደው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ባዮው ግን ቀን በተያዘ ቁጥር ሊታረም ይችላል።